ሎስለስ፣ ሃይ-ሬዝ ወይስ የተለመደው? ለስልክና ለተራ ኢርፎን የቱ ይበቃል

የሙዚቃ አፕ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የድምፅ ጥራት የሚለውን ስትከፍቱ ሦስት አራት ምርጫ ይደረደርላችኋል። አፕል ሚዩዚክ ላይ High Quality፣ Lossless፣ Hi-Res Lossless ይላል። ስፖቲፋይም ከ2025 መስከረም ጀምሮ ለከፋይ ደንበኞቹ Lossless የሚል ጨምሯል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ያው ነው፦ የመጨረሻውን፣ ትልቁን ይነካና ይወጣል። ለምን አይነካ? ክፍያው አይጨምርም። ከዚያ የወር ፓኬጁ በሳምንት ያልቃል። ጆሮው የሚሰማው ዘፈን ግን ያው የድሮው ነው፣ ወይም ተሻሽሏል ብሎ ራሱን አሳምኗል።

የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገርና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላምጣ። በብሉቱዝ የምትሰሙ ከሆነ የተለመደው ከፍተኛ ጥራት፣ ማለትም 256 ወይም 320 ኪሎቢት በሰከንድ፣ ይበቃችኋል። ደህና ባለገመድ ኢርፎንና ዋይፋይ ካላችሁ ሎስለስን ክፈቱት፣ አትጎዱም። ሃይ-ሬዝን ግን ስልክ ላይ ለማዳመጥ ብላችሁ ዳታ አታቃጥሉበት።

ሦስቱ ቁጥሮች

ድምፅ ወደ ዲጂታል ሲቀየር የሚሆነው ነገር ቀላል ነው። ማይኩ የአየሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፣ ማሽኑ ደግሞ ያንን ኤሌክትሪክ በጣም በተቀራረበ ጊዜ እየደጋገመ ይለካዋል። በሰከንድ ስንት ጊዜ ለካ የሚለው ሳምፕል ሬት ይባላል። ሲዲ ላይ 44,100 ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ልኬት ምን ያህል ደቃቅ ነው የሚለው ደግሞ ቢት ዴፕዝ ነው። ሲዲ 16 ቢት ይጠቀማል፣ ይህም 65,536 የተለያየ ደረጃ ማለት ነው። 24 ቢት ሲሆን ደረጃው ከ16 ሚሊዮን ያልፋል።

ሦስተኛው፣ ቢትሬት፣ ከነዚህ ከሁለቱ የሚመጣ ነው። በሰከንድ ስንት ቢት ያልፋል ማለት ነው። 44,100ን በ16 አባዙት፣ ግራና ቀኝ ስላለ በ2 አባዙት፣ 1,411,200 ይመጣል። ሲዲ 1,411 ኪሎቢት በሰከንድ ነው የሚባለው ለዚህ ነው። በ24 ቢትና በ96,000 ኸርዝ የተቀዳ ሃይ-ሬዝ በዚሁ ስሌት 4,608 ይሆናል። ወደ 192,000 ኸርዝ ከወጣ 9,216 ይደርሳል።

ይህ ሁሉ እንዳለ በኢንተርኔት ቢላክ ስለሚከብድ ይጨመቃል፣ አጨማመቁ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ፍላክ እና የአፕሉ አላክ ጋቢ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ እንደ መክተት ናቸው፦ ቦታ ይቆጥባሉ፣ ሲዘረጋ ግን ጋቢው ያው ጋቢ ነው፣ አንድ ክር አልጎደለም። ሎስለስ ማለት ይኸው ነው። ኤምፒ3፣ ኤኤሲ እና ኦግ ቮርቢስ ግን ቆርጠው ይጥላሉ። የሚጥሉት ደግሞ ዝም ብለው አይደለም። ከበሮ ጮክ ብሎ ሲመታ በዚያችው ቅጽበት ከስሩ ያለ ደካማ ድምፅ ለጆሯችን አይሰማም፣ እነሱም ያንን እያሰሉ የማይሰማውን ይቀንሳሉ። በደንብ ከተሠራ የተጣለው ነገር መጣሉ አይታወቅም።

ስለዚህ ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ከተቆረጠው ወደ ሎስለስ መሄድ ይሰማል ወይ? ሁለተኛው ከሲዲ ደረጃ ሎስለስ ወደ ሃይ-ሬዝ መሄድ ይሰማል ወይ? ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ስለሚቀላቅሏቸው ነው ክርክሩ የማያልቀው።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ ቶሎ ስለሚዘጋ

ሳምፕል ሬት ሲጨምር ምን ይገኛል? ብዙ ሰው ሞገዱ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ይመስለውና ልኬቱ ሲበዛ ይለሰልሳል ብሎ ያስባል። በማስታወቂያ ላይ የሚሳለውም ሥዕል እንዲህ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። በሰከንድ የሚነዝረው ከሳምፕል ሬቱ ግማሽ በታች የሆነ ድምፅ ሁሉ ከልኬቶቹ ተመልሶ ሙሉ ሆኖ ይሠራል፣ ደረጃ የሚባል ነገር ከማጫወቻው አይወጣም። በ44,100 የተቀዳ እስከ 22,050 ኸርዝ ድረስ ያለውን በሙሉ ይይዛል። ወደ 96,000 ስትወጡ ከዚያ በታች ያለው አይሻሻልም፣ ከ22,050 እስከ 48,000 ያለው ይጨመራል እንጂ። እሱን የሚሰማው የሌሊት ወፍ ነው። የሰው ጆሮ በልጅነቱ ቢበዛ እስከ 20,000 አካባቢ ይሰማል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ጣሪያው ይወርዳል። አርባ ዓመት ያለፈው ብዙ ሰው ከ15,000 በላይ ያለውን አይሰማም። ስልክ ላይ ቶን የሚያወጣ አፕ አውርዳችሁ የራሳችሁን ጣሪያ መሞከር ትችላላችሁ። ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ አትጀምሩ ብቻ፣ የማይሰማ ድምፅም ጆሮ ይጎዳል።

ቢት ዴፕዝስ? እሱ የሚወስነው በጣም ደካማው ድምፅ ከስሩ ካለው የሹክሹክታ ጫጫታ ምን ያህል ይርቃል የሚለውን ነው። አንድ ቢት በተጨመረ ቁጥር 6 ዴሲቤል ያህል ይገኛል። 16 ቢት ወደ 96 ዴሲቤል፣ 24 ቢት በወረቀት ላይ ወደ 144 ዴሲቤል ይሰጣል። እንግዲህ ሌሊት ጸጥ ያለ መኝታ ቤት ውስጥ 30 ዴሲቤል ያህል ድምፅ አለ እንበል። የ16 ቢትን ጫጫታ ከዚያ በላይ አውጥታችሁ ለመስማት ዘፈኑ ጮክ የሚልበት ቦታ 126 ዴሲቤል እስኪደርስ ድምፁን መክፈት አለባችሁ። ያ ጆሮ የሚያሳምም ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሆናችሁ ከሆነማ ነገሩን መተው ነው።

ታዲያ 24 ቢት ለምን ተፈጠረ? ለስቱዲዮ። ዘፋኙ ሲቀረጽ ድንገት ይጮኻል፣ ድንገት ያንሾካሹካል፣ ባለሙያው ደግሞ ድምፁ እንዳይሰነጠቅ ዝቅ አድርጎ ይቀዳና በኋላ ከፍ ያደርገዋል። ከፍ ሲያደርግ ከስሩ ያለው ጫጫታም አብሮ ይነሳል። 24 ቢት ከሆነ ብዙ ቦታ ስላለ ችግር የለም። ለሥራው እጅግ ጠቃሚ ነው፣ ካለቀ ዘፈን ላይ ግን ያ ቦታ ባዶውን ይቀመጣል። እሱን ባዶ ነው በዳታችሁ የምታወርዱት።

በሙከራም ታይቷል። ሜየር እና ሞራን የተባሉ አሜሪካውያን በ2007 ባሳተሙት ሥራ ሃይ-ሬዝ ዲስክ ያጫውቱና አንዳንዴ መሃል ላይ ድምፁን ወደ ሲዲ ደረጃ የሚያወርድ መሣሪያ ያስገቡ ነበር። አድማጮቹ የቱ የቱ እንደሆነ እንዲለዩ ተጠየቁ። ከ554 ሙከራ ትክክል የሆነው 276ቱ ነበር፣ ሳንቲም ቢወረውሩም ያው ነው። በ2016 ደግሞ በለንደን ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ያለው ጆሹዋ ራይስ ቀደም ሲል የተሠሩ 18 ሙከራዎችን ሰብስቦ አንድ ላይ አሰላቸው። ትክክል የተመለሰው 52.3 ከመቶ ነበር። ስልጠና ያገኙ አድማጮች ወደ 60 ይጠጋሉ። ስለዚህ ፈጽሞ ዜሮ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም፣ ሃይ-ሬዝ ወዳጆችም ይህንኑ ጥናት ነው የሚጠቅሱት። ግን ልብ በሉ፦ ይህ የተገኘው ደህና መሣሪያ ተደርድሮ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ልዩነት ሲፈልግ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በተራ ኢርፎን አይደለም።

ከተቆረጠው ወደ ሎስለስ

እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም መልሱ ቁጥሩ ላይ ይወሰናል። 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ከሎስለሱ ጋር ቢወዳደር ብዙ ሰው ይለየዋል። ድሮ በፍላሽ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይዞር የነበረው ዘፈን አብዛኛው በዚያ ደረጃ ወይም ከዚያ በታች ነበር። ሲምባሉ ውሃ ውስጥ እንደገባ ይሆናል፣ ጥርት ያለ ምት ይደበዝዛል።

በተለይ የኛ ሙዚቃ ላይ የት ማዳመጥ እንዳለባችሁ ልንገራችሁ። እነዚህ ቆራጭ ፎርማቶች በጣም የሚቸገሩት ድንገት በሚነሳ ምት ነው። ድምፁን በትናንሽ የጊዜ ቁራጭ እየከፈሉ ስለሚሠሩ፣ ቁራጩ መሃል ላይ ድንገተኛ ምት ካለ ስህተታቸው ከምቱ ቀደም ብሎ ይረጫል። ጭብጨባ ዋናው ፈተና ነው፣ የብዙ ሰው ጭብጨባ ደግሞ የባሰ። ክራር ሲገረፍ የጣቱ የመጀመሪያ ንክኪም እንዲሁ። አንድ የሠርግ ዘፈን ወይም ጭብጨባና እልልታ የበዛበት ባህላዊ ዘፈን ፈልጉና በ128 ስሙት። ጭብጨባው አንድ አንድ እያለ መለየቱ ቀርቶ እንደ ዝናብ ድምፅ ይሆናል። ቀስ ብሎ የሚሄድ የትዝታ ዘፈን ላይ ግን ያንኑ 128 ብትሰሙት ምንም ላይሰማችሁ ይችላል።

ወደ 256 ኤኤሲ ወይም ወደ 320 ኦግ ስትወጡ ግን ያ ችግር አብዛኛው ይጠፋል። እነዚህ ሁለቱ አፕል ሚዩዚክና ስፖቲፋይ ከሎስለስ በታች የሚሰጧቸው ከፍተኛዎቹ ናቸው። ዩቲዩብ ሚዩዚክም ጣሪያው 256 ነው፣ ሎስለስ የለውም። በዚህ ደረጃ ልዩነቱን በተከታታይ የሚለይ ሰው አለ፣ ግን ጥቂት ነው። እሱም የሚለየው የት እንደሚያዳምጥ አውቆ፣ ሁለት ሰከንድ የምትሆን ቦታ መርጦ፣ ደጋግሞ ሲሰማ ነው።

ብሉቱዝ ላይ ሎስለስ መንገድ ላይ ይቀራል

አብዛኛው አንባቢ የሚሰማው በብሉቱዝ ስለሆነ ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት። ሎስለስ ከፍታችሁ ስትሰሙ ስልኩ ፋይሉን ይቀበላል፣ ይፈታዋል፣ ከዚያ ወደ ኢርፎኑ ለመላክ እንደገና ይጨምቀዋል፣ ያውም በቆራጭ ፎርማት። ሁሉም ኢርፎን ያለው ኤስቢሲ የሚባለው ነው፣ እሱም በተለመደው አሠራር ጣሪያው 328 ኪሎቢት አካባቢ ነው። አይፎን ኤኤሲ ይጠቀማል። የሶኒው ኤልዳክ ሁሉም ከተመቸው 990 ይደርሳል፣ ሰው በበዛበትና ሞገድ በተጨናነቀበት ቦታ ግን ራሱን ወደ 660 ወይም ወደ 330 ያወርዳል። 990ውም ቢሆን ከሲዲው 1,411 ያንሳል። አፕል ራሱ ኤርፖድስ በብሉቱዝ ሲገናኝ ሎስለስ እንደማይደርሰው በድረ ገጹ ጽፏል። አፕትኤክስ ሎስለስ የሚባል ከ2021 ጀምሮ አለ፣ ግን ስልኩም ኢርፎኑም ሁለቱም ሊኖራቸው ይገባል። በተራ ኢርፎን ካርቶን ላይ አትፈልጉት።

የእናንተ ኢርፎን በምን እንደሚገናኝ ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድሮይድ ላይ ይታያል። Settings ውስጥ About phone ግቡና Build number የሚለውን ሰባት ጊዜ ንኩት። Developer options ይከፈታል። ኢርፎኑ ተገናኝቶ ዘፈን እየተጫወተ Bluetooth Audio Codec የሚለውን እዩት። SBC ካለ፣ ከዚያ ላይ ሃይ-ሬዝ መክፈት ለማንም አይጠቅምም። አንዳንድ ኢርፎን የተሻለ ፎርማት እያለው ከራሱ አፕ ውስጥ ስላልበራ ብቻ SBC ላይ ይቀመጣል፣ ስለዚህ የኢርፎኑን አፕም ፈትሹት።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ልጨምር። ዘፈኑ ከመጀመሪያው ኤኤሲ ከሆነና በብሉቱዝ እንደገና ኤስቢሲ ከሆነ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ ማለት ነው፣ ከሎስለስ ከተነሳ ግን አንዴ ብቻ። በሐሳብ ደረጃ ጥቅም አለው። በጆሮ ግን 256 ላይ ከተነሳችሁ ልዩነቱ ከትንሽም ትንሽ ነው፣ ዳታው ነፃ ካልሆነ አያዋጣም።

ባለገመድ ሲሆን

ጃክ ያለው ስልክና ባለገመድ ኢርፎን ካላችሁ ሎስለሱ እስከ ጆሮ ይደርሳል። ሃይ-ሬዙ ግን ብዙ ጊዜ አይደርስም። አንድሮይድ የሁሉንም አፕ ድምፅ፣ የመልዕክቱንም የጥሪውንም፣ አንድ ላይ ይቀላቅልና አብዛኛውን ጊዜ በ48,000 ነው የሚያወጣው። አፑ ላይ 192 ተብሎ ቢጻፍም ከስልኩ የወጣው 48 ሊሆን ይችላል። አይፎን ላይም የአፕል ትንሿ የጃክ አዳፕተር ጣሪያዋ 24 ቢት በ48,000 ነው። ከዚያ በላይ ከፈለጋችሁ ለብቻው የሚገዛ ዳክ ያስፈልጋል፣ ዲጂታሉን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ ማለት ነው።

ስለ አዳፕተር ካነሳን፣ ጃክ የሌለው ስልክ ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከዩኤስቢ ሲ ወደ ጃክ የሚቀይሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ውስጡ የራሱ ዳክ አለው፣ የትም ስልክ ላይ በብዛት ይሠራል። ሌላው ገመድ ብቻ ነው፣ ስልኩ ራሱ ድምፅ እንዲያወጣለት ይጠብቃል። ሁለቱ ሲታዩ መንታ ናቸው፣ ሱቅ ላይም ብዙ ጊዜ ተለይተው አይሸጡም። ስትገዙ እዚያው ስልካችሁ ላይ ሰክታችሁ ዘፈን ሳታጫውቱ ገንዘብ አትስጡ።

አሁን ወደ ኢርፎኑ ራሱ። ተራ ኢርፎን ከሎስለስ ይጠቀማል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ኢርፎኑ ርካሽ ስለሆነ አይችለውም ይላል። በትክክል እንዲህ አይደለም። ርካሽ ባለገመድ ኢርፎንም የ128ን ብልሽት አሳምሮ ያሰማችኋል፣ አንዳንዴ እንዲያውም ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያጋንን ይበልጥ ያሰማል። ችግሩ የኢርፎኑ የራሱ ጥፋት ከፎርማቱ ጥፋት እጅግ ስለሚበልጥ ነው። ሁለት ኢርፎን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ አንድ ዓይነት ዘፈን ላይ ቤዙ ወይም የዘፋኙ ድምፅ በአምስት፣ በአሥር ዴሲቤል ሊለያይ ይችላል። ያንን ማንም ይሰማዋል። በ256 እና በሎስለስ መካከል ያለውን ግን አብዛኛው ሰው ፈልጎም አያገኘውም።

እቤታችሁ አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱና ኢርፎኑን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ተጫኑት። ቤዙ ድንገት ከጨመረ ጎማው ለጆሯችሁ ትንሽ ነው፣ አየር እያሾለከ ቤዙን እየበላባችሁ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የመጡትን ሌሎቹን ጎማዎች ቀይራችሁ ሞክሩ፣ ግራና ቀኝ ጆሮ የተለያየ መጠን ሊፈልግም ይችላል። ምንም ሳታወጡ ከማንኛውም ሃይ-ሬዝ የበለጠ ለውጥ ታገኛላችሁ።

ካርቶን ላይ የሚለጠፈው ወርቃማ Hi-Res Audio ምልክትም ብዙ አያታልላችሁ። ምልክቱን የሚያስተዳድረው የጃፓን ኦዲዮ ማኅበር ነው። ለኢርፎን ሲሰጥ ዋናው መስፈርት እስከ 40,000 ኸርዝ ድረስ ማውጣት መቻሉ ነው። ቀደም ብለን እንዳየነው እዚያ ላይ የሚሰማ ሰው የለም። ምልክቱ ስለ ቤዙም ስለ ዘፋኙ ድምፅም የሚነግራችሁ የለም።

ዳታው ሲሰላ

አራት ደቂቃ የሆነ ዘፈን እንውሰድ። በ256 ወደ 7.7 ሜጋባይት ይሆናል። ሲዲ ደረጃ ያለው ፍላክ እንደ ዘፈኑ ይለያያል፣ ግን ወደ 25 ሜጋባይት ማሰብ ይቻላል። 24 ቢት በ96,000 ወደ 80 ይደርሳል። በ192,000 ደግሞ 190 አካባቢ ነው።

በቀን ሁለት ሰዓት የሚሰማ ሰው በወር 900 ያህል እንዲህ ያለ ዘፈን ይሰማል። በ256 ወደ 7 ጊጋባይት ያወጣዋል። በሲዲ ሎስለስ 22 ወይም 23 ጊጋ። በ96ቱ ሃይ-ሬዝ 72፣ በ192ቱ ደግሞ 170 ጊጋ ያልፋል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆኖ ገደብ የሌለው መስመር ያለው ሰው ይህን አይቶ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። አዲስ አበባ በሞባይል ፓኬጅ ለሚሰማ ግን ልዩነቱ የኪስ ነው። ከ7 ወደ 22 የሄደው 15 ጊጋ በጥቂቱም ቢሆን ሊሰማ የሚችል ነገር ይገዛል። ከ22 ወደ 170 የሄደው ግን የሌሊት ወፏን ነው የሚያስደስተው። ኔትወርኩ ሲደክም ደግሞ ትልቁ ፋይል ይቆማል፣ ይቆራረጣል። የተቆራረጠ ሃይ-ሬዝ ከማይቆራረጥ 128ም የባሰ ነው።

ምልክቱ ሎስለስ ይላል፣ ምንጩስ?

ይህ ለአማርኛ ዘፈን አድማጭ በተለይ ይመለከተዋል። ሎስለስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ፋይሉ ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ ምንም አልተቆረጠም ነው። ሲሰጥ ምን ነበር የሚለውን አይናገርም። የድሮ ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ ዋናው ቅጂያቸው ጠፍቶ ከካሴት የተገለበጡ ናቸው። ካሴት ጫጫታው ከ16 ቢት እጅግ የበዛ ነው፣ ቀጭን ድምፁም ወደ ላይ ሲወጣ ይደክማል። እሱን በ24 ቢት ማስቀመጥ የካሴቱን ሽሽታ በጥንቃቄ መጠበቅ ነው። የባሰው ደግሞ አንድ ሰው የነበረውን ኤምፒ3 ዌቭ ወደሚባለው ያልተጨመቀ ፋይል ቀይሮ ሲጭነው ነው። አገልግሎቱ ዌቭ ስለደረሰው ሎስለስ ብሎ ይለጥፍበታል።

ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ከኦንላይን መደብር ገዝታችሁ ያወረዳችሁት ፍላክ ካለ ስፔክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ላይ ክፈቱት (የስፖቲፋይና የአፕል ሚዩዚክ ፋይሎች የተቆለፉ ስለሆኑ አይከፈቱም)። ፕሮግራሙ ድምፁን በቀለም ይስለዋል፣ ከታች ወፍራሙ ከላይ ቀጭኑ። ቀለሙ 16,000 ኸርዝ ላይ በማስመሪያ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀ፣ ምንጩ 128 ኤምፒ3 ነበር ብላችሁ መጠርጠር ትችላላችሁ። 320 ከሆነ ቁርጡ 20,000 አካባቢ ይታያል። ከካሴት የመጣ ግን እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቆረጥም፣ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ፋይሉ 96,000 እየተባለ ከ22,000 በላይ ጥቁር ብቻ ከሆነ ደግሞ የሲዲውን ቅጂ ለጥጠው ሃይ-ሬዝ ብለው ሸጠውላችኋል።

ከዚህ በተቃራኒ አንዳንድ ሃይ-ሬዝ ቅጂ ከሲዲው በእርግጥ ተሽሎ ይሰማል። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩ አይደለም። ለሃይ-ሬዙ ሲባል ዘፈኑ እንደገና ከዋናው ቴፕ ተገልብጦ፣ በጥንቃቄ ተስተካክሎ ስለተሠራ ነው። ያንኑ ሥራ ወደ ሲዲ ደረጃ ብታወርዱት ያው ጥሩ ሆኖ ይሰማል።

ራሳችሁን ለመፈተን

እኔን አትመኑ፣ ሞክሩት። ትልቁ ወጥመድ የድምፅ መጠን ነው። ከሁለት አንዱ በጥቂቱ ጮክ ካለ ጆሮ ያንን ጥራት ብሎ ነው የሚተረጉመው። ስለዚህ ከሁለት የተለያየ አፕ ማወዳደር ከንቱ ነው፣ የአንዱ መጠን ከሌላው ይለያል። ffmpeg በሚባል ነፃ ፕሮግራም ከአንድ ፍላክ ላይ ራሳችሁ ሁለተኛውን ሥሩ፦

```
ffmpeg -i zefen.flac -vn -c:a aac -b:a 256k zefen256.m4a
```

ከዚያ ኮምፒውተር ላይ foobar2000 የሚባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ ጫኑና ABX Comparator የሚለውን ተጨማሪ ክፍሉን አስገቡ። ሁለቱን ፋይል ይይዝና ስማቸውን ደብቆ ያጫውትላችኋል፣ እናንተ የቱ እንደሆነ ትመልሳላችሁ። 16 ጊዜ ሞክሩ። በግምት ብቻ 12 እና ከዚያ በላይ ማግኘት ከመቶ ከአራት ያነሰ ዕድል ነው ያለው፣ ስለዚህ 12 ካገኛችሁ በእርግጥ እየሰማችሁ ነው። 8 ወይም 9 ከሆነ እየገመታችሁ ነው። ፈተናውን በየቀኑ በምትሰሙበት ኢርፎን አድርጉት እንጂ ከሰው ተውሳችሁ አትምጡ፣ የምትወስኑት ለራሳችሁ ዕቃ ነው።

እንግዲህ የቱ?

በብሉቱዝና በሞባይል ዳታ ለሚሰማ፣ አፕል ላይ High Quality፣ ስፖቲፋይ ላይ Very high። አለቀ። ለሎስለስ ብሎ አፕ መቀየርም አያስፈልገውም፣ የአማርኛ ዘፈን የሚበዛበትን ይያዝ።

ባለገመድ ደህና ኢርፎን ያለውና ቤቱ ዋይፋይ ያለው ሎስለስ ይክፈት። ስፖቲፋይ እስከ 24 ቢት በ44,100 ይሰጣል፣ አፕል በLossless ደረጃው እስከ 24 ቢት በ48,000። በነዚህ ሁለቱ መካከል በጆሮ የሚለይ ነገር የለም፣ በዋጋና በአመቺነት ምረጡ።

ዳክና ትልቅ ሄድፎን ገዝቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሰማ፣ መስመሩም ገደብ የሌለው ሰው፣ ሃይ-ሬዝ ቢከፍት አይጎዳም። ታይዳልም አፕልም እስከ 192,000 ይሰጡታል። ዳክ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ ያለ ግን ገንዘቡን መጀመሪያ ሄድፎኑ ላይ ያውለው።

ሴቲንጉን ስትነኩ ለሞባይል ዳታ፣ ለዋይፋይና ለሚወርድ ዘፈን ለየብቻ ምርጫ እንዳለ እዩ። ዳታውን 256 ላይ ተዉት፣ የሚወርደውን ሎስለስ አድርጉትና ማታ በዋይፋይ አውርዱ። አፕል ሚዩዚክ ላይ ግን ከዚህ በፊት ያወረዳችሁት በድሮው ጥራት እንዳለ ይቆያል፣ ሴቲንጉ ስለተቀየረ አይቀየርም። አጥፍታችሁ እንደገና ማውረድ አለባችሁ።